ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ መለኪያ

«ሰላም ጋሼ። ግንበኛ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቼ ባለፈው ወር ፎርማን ሆንኩ። አለቃዬ ለአቅራቢ ደብዳቤ ጻፍ ሲለኝ "ለምድርና አንድ ፎቅ ቤት የሚሆን ሲሚንቶ፣ አሸዋና ፌሮ ዋጋ ይላኩልን" ብዬ አዘጋጀሁ። አይሆንም ብሎ መለሰብኝ። ምን ጎደለው?»

መጠንና መለኪያ ነው የጎደለው። አቅራቢው ቤቱን አያውቀውም፤ ምን ያህል ብረት እንደሚበላ ማስላትም የእሱ ሥራ አይደለም። መጠኑን ከፕላኑና ከብረት ዝርዝሩ አንተ ታወጣለህ፣ ካልቻልክ የሳይት መሐንዲሱን ትጠይቃለህ። እሱን መጠየቅ አያሳፍርም፣ በግምት መጻፍ ነው የሚያስጠይቀው።

መለኪያው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ጀማሪ እያለሁ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። «ባለ 12 ፌሮ፣ 100 ቤርጋ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ አቅራቢ በቤርጋ፣ ሌላው በኪሎ፣ ሦስተኛው ማጓጓዣን ጨምሮ መለሰልኝ። ሦስቱን ማወዳደር አልቻልኩም፣ በቤርጋ የሰጠው ረከሰ ብዬ ወሰድኩ። ብረቱ ሲመጣ ቀጭን ነበር።

ሂሳቡን ተመልከት። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ የሚገኘው ዲያሜትሩን በሚሊ ወስደህ በራሱ አባዝተህ ለ162 ስታካፍለው ነው። ባለ 12 በሜትር 0.888 ኪሎ ገደማ ይመጣል፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ ወደ 10.66 ኪሎ ማለት ነው። ብረቱ 12 ተብሎ 11 ሚሊ ከሆነ ግን ቤርጋው ወደ 8.96 ኪሎ ይወርዳል። በ100 ቤርጋ 170 ኪሎ ገደማ ጎደለህ፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ኮለኑ ውስጥ መሐንዲሱ ያሰበው ብረት የለም። ስለዚህ ፌሮን በኪሎ ጠይቅ፣ በሚዛን እንደምትረከብም ከወዲሁ ጻፍ።

አሸዋም ያው ነው። «ቢያጆ» ብለህ አትጻፍ፣ የአንዱ መኪና ቢያጆ ከሌላው ጋር አይገናኝም። በሜትር ኩብ ጠይቅ፣ የመኪናው ሳጥን ሳይት ላይ በሜትር ተለክቶ እንደምትረከብ አሳውቅ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፣ አንዳንዴ ሩብ ያህል ይጨምራል፤ ዝናብ የመታው ጭነት ሲመጣ ይህንን አስታውስ።

ሲሚንቶ ላይ ዓይነቱንና የጥንካሬ ደረጃውን ከዲዛይኑ ገልብጠህ ጻፍ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታስወርድ፣ እርጥበት ያገኘው ከረጢት ይጓጉላል።

ለመጀመሪያው ዙር ሥራ እንዲህ ብለህ መጻፍ ትችላለህ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ በራስህ ተካቸው፦

«ለምድርና አንድ ፎቅ ቤት ግንባታችን የመጀመሪያ ዙር የሚከተሉትን ዕቃዎች ዋጋ እንድታቀርቡልን እንጠይቃለን።
ሲሚንቶ ኦፒሲ 42.5፣ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፣ 300 ከረጢት፣ በ3 ዙር የሚቀርብ።
የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ 40 ሜትር ኩብ፣ ሳይት ላይ ተለክቶ።
ፌሮ፦ ባለ 8፣ 800 ኪሎ፤ ባለ 12፣ 1,900 ኪሎ፤ ባለ 16፣ 1,600 ኪሎ፤ በሚዛን ርክክብ፣ ከአምራቹ የጥራት ማረጋገጫ ጋር።
የነጠላ ዋጋውን፣ ግብሩን፣ የማጓጓዣና የማውረጃ ወጪውን ለየብቻ አሳዩልን። ዋጋው የሚጸናበትን ቀንና የምታደርሱበትን ጊዜ ግለጹልን። ይህ የዋጋ ጥያቄ እንጂ የግዢ ትዕዛዝ አይደለም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። ፎርማን ዋጋ ይጠይቃል፣ ግዢ የሚያዘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ያቺ መስመር ከሌለች አቅራቢው ጭኖ ሊመጣና «በአንተ ፊርማ ነው» ሊልህ ይችላል። ከመላክህ በፊትም ማን እንደሚፈርም አለቃህን ጠይቅ።

ይህንኑ ደብዳቤ አንድም ቃል ሳትቀይር ለሦስት አቅራቢ በአንድ ቀን ላክ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ቶሎ ስለሚቀያየር በሳምንት ልዩነት የመጣ ፕሮፎርማ አይወዳደርም። ማጓጓዣውን ሳይጽፍ የላከ ካለ በስልክ የሚነግርህን አትቀበል፣ በጽሑፍ አስተካክሎ እንዲልክ አድርግ።

ፌሮው የመጣ ቀን ደግሞ ከጭነቱ መሀል አንድ ቤርጋ መዘህ ልክ አንድ ሜትር አስቆርጥና መዝን። ባለ 12 ከሆነ ወደ 888 ግራም መምጣት አለበት። 750 አካባቢ ካሳየህ መኪናው ሳይራገፍ ለአለቃህ ደውል።