ጥያቄና መልስ፦ የክሪፕቶ ኤክስቼንጅና የአክሲዮን ገበያ፣ ንብረታችሁ በማን እጅ ነው?

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ብሮከር ቤት የሒሳብ ማወራረጃ ክፍል ለ11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ መግዛትና መሸጥ አልነበረም። ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡም አክሲዮኑም ትክክለኛው ሰው ጋ መድረሱን ማረጋገጥ ነበር። ስለዚህ የትኛው ኮይን ይወጣል፣ የትኛው ይወርዳል አትበሉኝ። ስለ ንግድ ሰዓት፣ ስለ ንብረት አያያዝና ስለ ገዢ መጥፋት ጠይቁኝ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ክሪፕቶ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። አክሲዮን ግን ይዘጋል። ታዲያ ክሪፕቶው አይሻልም?

ለመሸጥ ይመቻል። ለመተኛት አይመችም።

አንድ ቀን ልንገርህ። ኦክቶበር 10 ቀን 2025፣ ዓርብ ነው። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ተዘጋ። ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በቻይና ዕቃ ላይ ተጨማሪ የ100 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ ጻፉ። አክሲዮን የያዘ ሰው ዜናውን እያነበበ ቅዳሜና እሑድን አሳለፈ። እሑድ ዕለት ትራምፕ ቃላቸውን አለሳለሱ። ሰኞ ገበያው ሲከፈት ወደ ላይ ሄደ።

ክሪፕቶ ግን አልተዘጋም። በአንድ ቀን ውስጥ በብድር የተያዙ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆኑ ውሎች ለብድሩ የተያዘው መያዣ ስላነሰ በግዴታ ተዘጉ። ያኔ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ነበር። ተኝቶ የነበረ ሰው ሲነሳ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። የነቃውም ቢሆን ብዙ ማድረግ አልቻለም። ባንኮች ዝግ ስለሆኑ በዚያ ሰዓት ከባንክ ገንዘብ አምጥቶ መያዣውን መሙላት ከባድ ነው። ገበያው 7 ቀን ይሠራል፣ ገንዘብህ ያለበት ባንክ ግን 7 ቀን አይሠራም። ሰው የሚረሳው ይሄን ነው።

በአክሲዮን ገበያ ደግሞ ክፍት በሆነበት ሰዓትም ማቆሚያ አለ። የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከትናንቱ መዝጊያ 7 በመቶ ከወረደ ንግድ ለ15 ደቂቃ ይቆማል። 13 በመቶ ላይም እንደዚሁ። 20 በመቶ ከደረሰ ለቀኑ ያበቃል። በማርች 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ይህ 4 ጊዜ ሆኗል።

ሌሊት የነቃው፦ እኔ ያን ሌሊት አይቻለሁ። ዩኤስዲኢ የሚባለው ኮይን 1 ዶላር መሆን ሲገባው ባይናንስ የሚባለው ኤክስቼንጅ ላይ 65 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ሌላ ቦታ ደህና ነው። እንዴት አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ይኖረዋል?

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ዋጋ የሚባለው ነገር አንተ ለመሸጥ በፈለግክባት ደቂቃ ከፊትህ የቆመው ገዢ የሚሰጥህ ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ የራሱ ገዢዎች ሰልፍ አለው። ሰልፎቹ በሕግ አይተሳሰሩም። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮን ስትሸጥ ብሮከርህና ገበያው በሌላ ቦታ ያለውን የተሻለ ዋጋ ዘለው እንዲሸጡብህ ሕጉ አይፈቅድም። ክሪፕቶ ላይ ይህ የለም።

ለምሳሌ 100 ፍሬ አለህ እንበል። ሰልፉ ላይ አንዱ 10 ፍሬ በ1 ዶላር ይገዛል። ሌላው 20 ፍሬ በ95 ሳንቲም። ከዚያ በኋላ ያለው ገዢ 70 ፍሬ በ65 ሳንቲም ነው። ዋናዎቹ ገዢዎች ፈርተው ትዕዛዛቸውን አንስተዋል። «አሁን በገበያ ዋጋ ሽጥ» ካልክ ሦስቱንም ትወስዳለህ። በድምሩ 74 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርስሃል። ስክሪኑ ላይ ግን 100 ዶላር ነበር የምታየው።

ያን ሌሊት የባሰው ነገር ደግሞ ሰዎች ዩኤስዲኢን ለብድር መያዣ ማድረጋቸው ነው። ኤክስቼንጁ መያዣውን በራሱ ሰልፍ ዋጋ ገመተው። ዋጋው ሲወርድ መያዣው አነሰ። መያዣው ሲያንስ በግዴታ ተሸጠ። ሲሸጥ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። ባይናንስ በኋላ ለተጎዱት ወደ 283 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፍያለሁ ብሏል።

የዲሲው፦ ጋሼ ይቅርታ፣ አክሲዮንም እኮ እንዲህ ይሆናል። ሜይ 6 ቀን 2010 የአክሰንቸር ኩባንያ አክሲዮን በ1 ሳንቲም ተሽጧል!

ልክ ነህ፣ ተሽጧል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልጨመርክም። ከመነሻ ዋጋቸው ከ60 በመቶ በላይ የራቁት ንግዶች ተሰረዙ። በ1 ሳንቲም የሸጠው ሰው አክሲዮኑ ተመለሰለት። ቀጥሎም የእያንዳንዱ አክሲዮን ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ ከተወሰነ በላይ እንዳይዘል አጥር ተበጀለት። ገዢ መጥፋቱ በሁለቱም ቦታ ይከሰታል። ልዩነቱ ከጠፋ በኋላ ማን ይገባል የሚለው ነው።

የዲሲው፦ እሺ፣ ግን እነሱ የፈለጉትን ንግድ የሚሰርዙ ከሆነ እሱስ ፍትሕ ነው? በ1 ሳንቲም የገዛው ሰውዬ ምን አጠፋ?

በዚህ ላይ ያኔም ክርክር ነበር፣ አሁንም አለ። በ59 በመቶ ቅናሽ የሸጠው ምንም አላገኘም። የአጥሩ መስመር የት ይሁን በሚለው ከአንተ ጋር መከራከር ይቻላል። አጥር አያስፈልግም በሚለው ግን አልስማማም።

ጀማሪው፦ አሁን የትኛው ኮይን ቢገዛ ይሻላል?

ከላይ ተናግሬአለሁ። አልመልስም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔ ያልገባኝ በ2022 የከሰረው የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ፣ ኤፍቲኤክስ ነው። ኤክስቼንጅ እንዴት ይከስራል? ኮሚሽን ብቻ አይደል እንዴ የሚሰበስበው?

እህቴ፣ ዋናውን ነገር ነው የነካሽው። እንደ አክሲዮን ገበያ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበርሽ።

የኒውዮርክ ገበያ ገዢና ሻጭ የሚገናኙበት ቦታ ነው። አክሲዮንሽን አይዝም። ትዕዛዝሽን የሚቀበለው ብሮከሩ ነው። ሰነዱ የሚቀመጠው ዲቲሲ የሚባለው ግምጃ ቤት ነው። ከንግዱ በኋላ ከተዋዋዮቹ አንዱ ቢወድቅ መሐል ገብቶ የሚከፍለው ሌላ ድርጅት ነው። የእኔ የ11 ዓመት ሥራ የእነዚህ የአራቱ መዝገቦች በየማታው መመሳከራቸውን ማየት ነበር። አንዲት አክሲዮን ከጎደለች ሳናገኛት ወደ ቤት አንሄድም።

የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ ግን አራቱንም ሥራ ብቻውን ይዟል። ገበያውም፣ ብሮከሩም፣ ግምጃ ቤቱም፣ ዋስትናውም አንድ ሰው ነው። የሚመሳከርበት ሌላ መዝገብ የለም።

ኤፍቲኤክስ ላይ የደንበኞች ገንዘብ የባለቤቱ ሌላ ድርጅት ወደሆነው ወደ አላሜዳ ሄደ። ኖቬምበር 2 ቀን 2022 የአላሜዳ የሒሳብ ሰነድ ወጣ። ካለው 14.6 ቢሊዮን ዶላር ሀብት ትልቁ ድርሻ ኤፍቲቲ ነበር። ኤፍቲቲ ኤፍቲኤክስ ራሱ የፈጠረው ቶከን ነው። አሁን ቅድም ያልኩትን የሰልፍ ነገር አስታውሺ። ያን ሁሉ ኤፍቲቲ የሚገዛ ሰው ሰልፉ ላይ የለም። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር የወረቀት ቁጥር ነበር።

ኖቬምበር 6፣ እሑድ ቀን፣ የባይናንሱ ኃላፊ ያለንን ኤፍቲቲ እንሸጣለን ብሎ ጻፈ። እሑድ መሆኑን ልብ በይ፣ ማቆሚያ የለም። በ72 ሰዓት ውስጥ 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የማውጣት ጥያቄ መጣ። ማክሰኞ ገንዘብ ማውጣት ቆመ። ዓርብ፣ ኖቬምበር 11፣ ድርጅቱ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ። መተግበሪያው ላይ የምታዩት ቁጥር ቢትኮይን አይደለም። ድርጅቱ ያለበት ዕዳ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ግን ደንበኞቹ በኋላ ከነወለዱ ተከፈላቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

በዶላር ተከፈላቸው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ቢትኮይን የነበረው ሰው የሚጠይቀው ገንዘብ ኪሳራው በገባበት ቀን ዋጋ ተተመነ፣ 16,871 ዶላር። ከ50,000 ዶላር በታች ለሚጠይቁት ወደ 119 በመቶ ተሰጠ። ስለዚህ 20,000 ዶላር ገደማ አገኘ። ክፍያው የተጀመረው ፌብሩዋሪ 2025 ነው። በዚያን ሳምንት አንድ ቢትኮይን ወደ 95,000 ዶላር ነበር። ቢትኮይኑ የራሱ ቢሆን ኖሮ ራሱ ቢትኮይኑ ይመለስለት ነበር። የዕዳ ጠያቂ ስለነበር ግን በዶላር ተሸኘ።

የዲሲው፦ አክሲዮንስ በስማችን ነው እንዴ? ሁሉም ዲቲሲ በሚጠቀምበት በሲድ ኤንድ ኮ ስም ነው የተመዘገበው። እኛም የምናየው ቁጥር ነው።

ስሙ ላይ ልክ ነህ። መደምደሚያህ ላይ አይደለህም። ብሮከሩ የደንበኛን ሙሉ በሙሉ የተከፈለበት አክሲዮን ከራሱ ለይቶ እንዲይዝ ሕግ ያስገድደዋል። ለምን እንደሚጠቅም በ2008 ታይቷል። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ ሲወድቅ በአሜሪካው ብሮከሩ የነበሩ ከ100 ሺህ በላይ የደንበኛ ሒሳቦች በአጭር ጊዜ ወደ ሌላ ብሮከር ተዛወሩ። አክሲዮናቸው እንደ አክሲዮን ነው የሄደው። ከጎደለ ደግሞ ሲፒክ የሚባለው የብሮከር ደንበኞች ዋስትና ድርጅት እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፣ ከዚህ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ እስከ 250,000። የዋጋ መውረድን አይሸፍንም።

ለአንተ የሚሆን አንድ ነጥብ ግን አለ። በሌማን የለንደን ቅርንጫፍ ንብረታቸውን ያስቀመጡ ትልልቅ ደንበኞች ለዓመታት ጠብቀዋል። ስለዚህ ጥበቃው ፍጹም ነው አልልም።

የጅዳዋ፦ ጋሼ የእኔም ገንዘብ ቆሟል። ኤክስቼንጁ 4,000 ዶላር አለሽ ይላል። ለማውጣት ግን መጀመሪያ 15 በመቶ ታክስ አስገቢ ይሉኛል። ይሄ ስለ ኤፍቲኤክስ እንዳሉት ዓይነት ነው?

አይደለም እህቴ። አንድ ብር እንዳትጨምሪ። ገንዘብሽን ለማውጣት ሌላ ገንዘብ አስገቢ የሚል እውነተኛ ኤክስቼንጅ የለም። 4,000ው ስክሪን ላይ የተጻፈ እንጂ የትም ያለ አይመስለኝም። የላክሽበትን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጪ፣ ለባንክሽና ለፖሊስ አመልክቺ። «ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን» የሚሉም ይመጣሉ። እነሱም ያው ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ የእኛስ አገር ገበያ?

በአጭሩ፣ በ2025 የተከፈተው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የሚከተለው የአክሲዮኑን መንገድ ነው። ገበያው ሌላ፣ ግምጃ ቤቱ ሌላ።

ጀማሪው፦ ስለዚህ ጥሩው ኤክስቼንጅ የትኛው ነው?

ወንድሜ፣ ይህ ያው ጥያቄ ነው። ስም አልሰጥም። የምትነግድበትን ያህል ብቻ ኤክስቼንጅ ላይ አኑር፣ የቀረውን ቁልፉን ራስህ በያዝከው ዋሌት አድርግ። ቁልፉን ከጣልክ ግን የሚመልስልህ የለም፣ ይህንንም እወቅ።

ሌሊት የነቃው፦ አሁን እኮ ያላቸውን ኮይን በየጊዜው ያሳያሉ። ያ አይበቃም?

ከምንም ይሻላል። የሚያሳየው ግን በዚያች ቀን ያላቸውን ነው። ከሌላ ተበድረው ይሁን፣ ሌላ ዕዳ ይኑርባቸው በዚያ ብቻ አይታወቅም።

እኔ የማየው ሌላ ምልክት አለ። የቶኪዮው ኤክስቼንጅ ማውንት ጎክስ ከመውደቁ በፊት ዋጋው ከሌሎቹ ተለይቶ ነበር። በ2013 ዶላር ማውጣት ሲያስቸግር እዚያ ያለው ቢትኮይን ከሌላው ቦታ ተወደደ። ሰው በዶላር ምትክ ቢትኮይን ገዝቶ ለማውጣት ይጣደፍ ነበራ። ፌብሩዋሪ 2014 ቢትኮይን ማውጣትም ሲቆም ዋጋው ከሌሎቹ በታች ወረደ። ንግዱ ክፍት ነው፣ በሩ ግን ዝግ ነው። የአንድ ኤክስቼንጅ ዋጋ ከሌሎቹ ለቀናት ተለይቶ ከቆየ ሰው ገንዘቡን ማውጣት እያቃተው ነው ማለት ነው። ያን ካያችሁ ምክንያቱ እስኪነገራችሁ አትጠብቁ፣ ትንሽ ሞክሩና ከወጣ የቀረውን አከታትላችሁ አውጡ።