የነርስን ቀን በ2 ደቂቃ

«ለነርስ ቅጥር የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ስክሪፕት ጻፍ ተብያለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዴት ላስገባው? የቀረጻ ማስታወሻውስ ምን ያህል ይዘርዘር?»

ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ አታስገባ። እኔ የመጀመሪያውን ስጽፍ ከእንቅልፍ መነሳት ጀምሬ 14 ትዕይንት ደረደርኩ። ለእያንዳንዱ የደረሰው 8 ሰከንድ ገደማ ነበር። ነርሷ ኮሪደር ለኮሪደር ስትሄድ ትታያለች እንጂ ስትሠራ አትታይም። አሁን ሦስት ብቻ እይዛለሁ፤ የጠዋት ርክክብ፣ የመድኃኒት ሰዓትና የማታ ርክክብ። በርክክብ ተጀምሮ በርክክብ ሲያልቅ ቀኑ እንዳለፈ ለተመልካቹ ግልጽ ነው።

ግማሹን ጊዜ ለመካከለኛው ስጠው። የምትጠራቸው ነርሶች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚያዩት እጅን ነው። አንዴ ነርሷ የታካሚውን መለያ ሳታይ መርፌ ስትሰጥ ቀረጽን። ለዋርዱ ሠራተኞች ስናሳይ ሁሉም አንድ ላይ አጉረመረሙ፤ ደግመን ቀረጽን። ከዚያ ወዲህ የእጇን ሥራ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፦

ትዕይንት 2፣ የመድኃኒት ሰዓት
ሾት 1፦ ክሎዝ አፕ። እጇን በአልኮል ታሻለች። እስኪደርቅ አይቆረጥ።
ሾት 2፦ ከትከሻዋ ኋላ። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ?» ታካሚው ይመልሳል።
ሾት 3፦ ክሎዝ አፕ። በእጁ አንጓ ያለውን መለያ ከመድኃኒት ካርዱ ጋር ታስተያያለች።
ሾት 4፦ መካከለኛ። ምን መድኃኒት እንደሆነ ትነግረዋለች፣ ትሰጠዋለች፣ እዚያው ትመዘግባለች። ሙዚቃ የለም፤ የክፍሉ ድምፅ ብቻ።

ሾት 2 ላይ ያለችው ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች። «እርስዎ እገሌ ነዎት?» ብላ ብትጠይቅ ግን እንቅልፍ የተጫነው ወይም ጆሮው የደከመ ሰው ለማንኛውም ስም አዎ ሊል ይችላል። ነርስ የሆነ ሰው ይህችን ሲያይ «እነዚህ ሥራውን ያውቁታል» ይላል። ማስታወሻህ እስከዚህ ድረስ ይዘርዘር። የቀረውን ለካሜራ ባለሙያው ተወው።

ታካሚ ሆኖ የሚተኛው ከሠራተኞቹ አንዱ ይሁን፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይስጥ። ስሙም መለያው ላይ ያለውም የፈጠራ ይሁን። ከጀርባ ያለውን ደግሞ አደራ። እኛ የአንድ ታካሚ ስም ግድግዳው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያየነው ኤዲት ጨርሰን ነው። ሰሌዳውን፣ ሞኒተሩንና ካርዶቹን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው መድብ። ማይኩም ከመጋረጃው ወዲያ የሚወራውን ይሰበስባል፤ ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ስማው።

ትረካውን አንተ አትጻፈው። ነርሷን «ከሰዓታትሽ ሁሉ የሚከብድሽ የቱ ነው?» በላትና የመለሰችውን ቅዳ፤ ምስሉን በሷ ድምፅ ላይ ቁረጥ። ሥራው የሌሊት ተራ ካለው በራሷ አፍ ትናገረው። ይህን ሳታውቅ የተቀጠረችው ነርስ ጥላህ ከሄደች ሁለተኛ ቪዲዮ መሥራትህ ነው።

መጨረሻው ላይ ተረካቢዋ ስታዳምጥና ስትጽፍ አሳይ። ነርሷ «የቀረ ጥያቄ አለሽ?» ስትላት ቁረጠው፤ ማመልከቻ የሚገባበትን አድራሻ 5 ሰከንድ አቆየው።