እንቁላሉ ከሰረ፣ ሱቁስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«እንቁላል አንዱን በ16 ብር አምጥቼ በ14 እሸጣለሁ፤ ድሮ 18 ነበር። በቀን 120 የነበረው 300 ደረሰ፣ ደረሰኝም ከ90 ወደ 130 ወጣ። ሌላው ዕቃ በአማካይ ከ100 ብር ሽያጭ 12 ብር ያተርፋል። ታዲያ ወሩ ሲዘጋ ብሩ የት ይሄዳል?» (የሚኒ ማርኬት ባለቤት፣ አዲስ አበባ)

በአንድ እንቁላል 2 ብር ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በ300 ሲባዛ ግን በቀን 600 ብር ነው። በዚያ ላይ ድሮ ከ120 እንቁላል ያገኙት የነበረው 240 ብር ትርፍ ቀርቷል። ስለዚህ ቅናሹ በቀን 840 ብር ያስወጣዎታል። የሚሰነጠቀውን ገና አልቆጠርንም፤ ስድስት እንቁላል ብቻ ቢበላሽ 96 ብር ነው።

አሁን 840ን ለ0.12 ያካፍሉ፤ 7,000 ብር ይመጣል። ከድሮው በላይ በየቀኑ የ7,000 ብር ሌላ ዕቃ ካልተሸጠ ቅናሹ ወጪውን አልመለሰም ማለት ነው። ለተጨመሩት 40 ደረሰኞች ሲካፈል እያንዳንዱ ሰው ከእንቁላሉ ሌላ የ175 ብር ዕቃ መያዝ አለበት። ችግሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ከ40ው 22ቱ እንቁላል ብቻ ይዘው የሚወጡ ከሆነ፣ በቀሩት 18 ላይ ሸክሙ ወደ 390 ብር ገደማ ይወጣል። ለሰፈር ሱቅ ከባድ ነው።

ይህን ለማወቅ ለአንድ ሳምንት ካሸሯ እንቁላል ብቻ የገዛውን ሁሉ በወረቀት ላይ በጭረት ትመዝግብ። ጭረቱ ከእንቁላል ገዢዎች ግማሹን ካለፈ የሱቁ መሙላት አያታልልዎት። ቀድመው መሞከር ያለብዎት ግን ዋጋውን ሳይሆን ቦታውን ነው። እንቁላሉ በር ላይ ከተደረደረ ሰው መደርደሪያውን ሳያይ ይመለሳል። ወደ ውስጥ ይግባ፤ አጠገቡ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ ይሁን።

«ስኳር ወይስ ዘይት ብቀንስ ይሻላል? ሁሉም ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።»

ሁለቱንም አንመክርም። የሚፈለጉ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለወራት ይቀመጣሉ። ደንበኛው የሦስት ወሩን በአንዴ ይጭንና እስኪያልቅበት አይመለስም። የሚጠቅመው ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀው፣ ቶሎ የሚያልቅና ብቻውን ምግብ የማይሆን ዕቃ ነው።

እንቁላል ይህን ያሟላል፤ ቀን መቁጠሪያውን ካዩ ነው እንጂ። በዐቢይ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ጿሚ በሚበዛበት ሰፈር በእንቁላል ቅናሽ ማንንም አይጠሩም፤ ያኔ ቲማቲም ይሻላል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ እንቁላል ያለ ቅናሽም ይሸጣል፤ ያኔ መቀነስ የራስን ትርፍ መጣል ነው። ጥሩው ጊዜ ጾም የሌለበትና ደመወዝ የወጣበት ሳምንት ነው፤ ሰው የወር አስቤዛ ሊገዛ ስለሚወጣ ዘንቢሉ ይከብዳል።

«ባለ ኪዮስኮች እየመጡ እንቁላሉን 30 30 እያደረጉ በካርቶን ያነሱብኛል። እንዴት ልከልክል?»

መከልከል ሳይሆን መጠን ማበጀት። «ለአንድ ሰው እስከ 10 እንቁላል» ብለው ከዋጋው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ካሸሯ ጋ ሲደርስ ብቻ የሚነገር ገደብ ጠብ ያመጣል። «የ200 ብር ዕቃ ለገዛ» የሚል ቅድመ ሁኔታም ይሠራል፤ ኪሳራውን በደንብ ይይዛል፣ የሚመጣውን ሰው ቁጥር ግን ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቢጀምሩ ይሻላል።

«ኪሳራውን ለማካካስ ፓስታና ዘይት ላይ ትንሽ ብጨምርስ?»

የእነዚህን ዋጋ ጎረቤትዎ ሁሉ ያውቀዋል፤ በእንቁላል የገዙትን ስም በዘይት ይሸጡታል። ጭማሪ የግድ ከሆነ ሰው ዋጋቸውን በማያስታውሳቸው ነገሮች ላይ ይሁን፤ ስፖንጅ፣ ሻማ፣ የታሸገ ቅመም፣ የጥርስ ብሩሽ።

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኮስትኮ የሚባለው ትልቅ መደብር የተጠበሰ ዶሮ በ4.99 ዶላር ለዓመታት ይሸጣል ይላል። እኔስ ለምን ዓመቱን ሙሉ አላደርገውም?»

ኮስትኮ ገና ሳይገቡ የአባልነት ክፍያ ይቀበላል፤ ከትርፉም ትልቁ ድርሻ ከዚያ ነው። እርስዎ ያ የለዎትም። በተረፈ ዶሮውን ከመደብሩ ጀርባ ማስቀመጡን ቢኮርጁ አይጎዱም።

ለሰፈር ሱቅ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ይበቃል። ለወራት 14 ብር የነበረ እንቁላል በደንበኛው አእምሮ ዋጋው 14 ነው፤ ወደ 18 ሲመልሱት «ጨመረ» ተብሎ ይወራል። ወረቀቱ ላይ የመደበኛውንም ዋጋ ሰርዘው ያሳዩ፤ የሚያበቃበትንም ቀን ይጻፉ። ካበቃ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ደረሰኙ ተመልሶ 90 ላይ ከቆመ፣ የመጡት ለእንቁላሉ እንጂ ለሱቁ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ዕቃ ይሞክሩ።