ዋጋው ተመለሰ፣ ፖዚሽኑ ግን ቀድሞ ተዘግቷል፦ ስለ ሌቨሬጅ፣ ማርጂን እና ስቶፕ አውት

«ሰላም ቤተሰብ። 500 ዶላር አስገብቼ ዩሮ ዶላር ላይ 0.30 ሎት በ1.1000 ገዛሁ። ሌቨሬጁ 1:100 ነው። ስቶፕ ሎስ አላስቀመጥኩም። ዋጋው ሲወርድ ፖዚሽኔ በራሱ ተዘጋና 164 ዶላር ብቻ ቀረኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ዋጋው 1.1080 ገባ! ብሮከሩ ሳይጠይቀኝ መዝጋት ይችላል? ሌቨሬጁን ብቀንሰውስ ይሻላል?»

ሰላም ወንድሜ። አዎ፣ ይችላል። አካውንቱን ስትከፍት «ተስማምቻለሁ» ያልክበት ውል ውስጥ አለ። ሌቨሬጁን ስለመቀነስ ያነሳኸው ጥያቄ ግን በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያንተኑ ቁጥር ይዘን የሆነውን ደረጃ በደረጃ እንየው። ፎሬክስ ላይ ብዙ ዓመት ስቆይ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ይህን ስሌት አንዴ በእጁ ከሠራው በኋላ ሎት የሚመርጥበት መንገድ ይለወጣል።

0.30 ሎት ማለት 30,000 ዩሮ ነው። በ1.1000 ዋጋ 33,000 ዶላር ይሆናል። ያንተ ገንዘብ 500 ዶላር ነው። ስለዚህ ከገንዘብህ 66 እጥፍ የሚሆን ነገር ይዘሃል። ዋጋው 1 በመቶ ብቻ ቢንቀሳቀስ የ33,000 ዶላር 1 በመቶ 330 ዶላር ነው፤ ከካፒታልህ ሲታይ ደግሞ 66 በመቶ። ወደ ላይ ከሄደ 66 በመቶ አተረፍክ፣ ወደ ታች ከሄደ 66 በመቶ ከሰርክ። በፒፕ፣ ማለትም በዋጋው አራተኛ የአስርዮሽ አሃዝ ካሰብነው፣ 0.30 ሎት ላይ አንድ ፒፕ 3 ዶላር ነው። ዩሮ ዶላር በአንድ ቀን 1 በመቶ ሲንቀሳቀስ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የዋጋ ንረት ቁጥር ወይም የፌደራል ሪዘርቭ ውሳኔ የሚወጣበት ቀን ይበቃዋል።

አሁን ማርጂኑን እንየው። ፖዚሽኑን ስትከፍት ብሮከሩ 33,000ን ለ100 አካፍሎ 330 ዶላር ያዘብህ። ይህ ክፍያ አይደለም፣ መያዣ ነው። ስትዘጋ ይለቀቅልሃል። ሜታትሬደር ላይ ከታች በኩል ያለውን መስመር አስታውስ፦ `Balance`፣ `Equity`፣ `Margin`፣ `Free Margin`፣ `Margin Level`። ብዙ ጀማሪ ዓይኑን `Balance` ላይ ይተክላል። ፖዚሽን ክፍት እስከሆነ ድረስ `Balance` ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ምንም አይነግርህም። `Equity` ግን የክፍት ፖዚሽንህን ትርፍና ኪሳራ ጨምሮ ያለህ ገንዘብ ነው። የሚበላህንም የሚያድንህንም የሚያሳየው የመጨረሻው ቁጥር ነው፦

```
Margin Level = Equity / Margin x 100
```

ገና እንደከፈትክ 500 ለ330 ሲካፈል 151 በመቶ ነበር። ዋጋው 57 ፒፕ ያህል ወርዶ 1.0943 ሲደርስ 170 ዶላር ከስረህ `Equity` 330 ሆነ፤ ይህ 100 በመቶ ነው። ብዙ ብሮከሮች ማርጂን ኮል የሚሉት እዚህ ጋ ነው። ድሮ ደላላው ስልክ ደውሎ «ገንዘብ ጨምር» የሚልበት ሰዓት ነበር። አሁን የሚደውል የለም። መስመሩ ቀይ ይሆናል፣ አዲስ ትሬድ መክፈት አትችልም፣ በቃ። ተኝተህ ከሆነ ወይም ሥራ ላይ ከሆንክ እንኳ አታየውም።

ዋጋው መውረዱን ቀጠለ። `Equity` የማርጂኑ ግማሽ ላይ፣ ማለትም 165 ዶላር ላይ ሲደርስ ስቶፕ አውት፣ ማለትም ሲስተሙ ፖዚሽኑን በራሱ የሚዘጋበት ደረጃ መጣ። 50 በመቶ በብዙ ብሮከሮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ 30 ወይም 20 በመቶ የሚያደርጉም አሉ። ያንተ ግን 50 መሆኑን ከቀረልህ ገንዘብ አውቃለሁ። 1.0888 ላይ 112 ፒፕ ወርዷል። 112 በ3 ሲባዛ 336 ዶላር ነው። ከ500 ሲቀነስ 164 ይቀራል። 164 ለ330 ደግሞ 49.7 በመቶ። ሲስተሙ ከ50 በታች መውረዱን እንዳየ ዘጋው። ሰው አልወሰነም፣ ማንም በክፋት አልዘጋብህም። ብዙ ፖዚሽን ቢኖርህ ኖሮ ሜታትሬደር ብዙ የከሰረውን አስቀድሞ ይዘጋል፤ ከዚያ ቁጥሩን እንደገና ያያል፤ ካልበቃው ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ብሮከሩ ለምን አይጠብቅም? ኪሳራህ 500 ዶላሩን ካለፈ ከዚያ በላይ ያለው ከማን ኪስ ይወጣል ብለህ አስብ። መያዣህ እያለቀ ሲሄድ አደጋው ወደ እሱ ይሻገራል። ስቶፕ አውት እሱን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። አንተ «ይመለሳል» ብለህ በትክክል ብትገምትም ለሲስተሙ ምኑም አይደለም።

አስገድዶ መዝጋት ከተራ ኪሳራ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ያለ ሌቨሬጅ 500 ዶላር የሚያወጣ ዩሮ ገዝተህ ቢሆን ኖሮ 1 በመቶ ሲወርድ 5 ዶላር ገደማ ትከስራለህ፤ ትጠብቃለህ፤ ሲመለስ ይመለስልሃል። አሁን ግን ኪሳራው ገና ወረቀት ላይ እያለ፣ ከታችኛው ዋጋ አጠገብ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተቀየረ። 1.1080 ድረስ መቆየት ብትችል 240 ዶላር አትርፈህ 740 ይኖርህ ነበር። አሁን ያለህ 164 ነው። ከ164 ተነስተህ 500 ለመግባት ደግሞ 205 በመቶ ማትረፍ አለብህ። አቅጣጫውን አውቀኸው ነበር። ያጣኸው የመቆያ ርቀት ነው። 112 ፒፕ ብቻ ነበረህ።

ወደ ሌቨሬጁ ጥያቄ እንምጣ። ያው 0.30 ሎት ሆኖ ሌቨሬጁ 1:500 ቢሆን ኖሮ ማርጂኑ 66 ዶላር ብቻ ይሆናል። ስቶፕ አውቱም `Equity` 33 ላይ ሲደርስ ነው። ያኔ 467 ዶላር፣ ማለትም 155 ፒፕ ያህል መቆየት ትችላለህ። አየህ? ሌቨሬጁ ጨምሮ ርቀቱ ሰፋ። አካውንቱ ላይ የተጻፈው ሌቨሬጅ የሚወስነው ምን ያህል መያዣ እንደሚያዝብህ ነው። በፒፕ 3 ዶላር የሚወስድብህ ግን የሎቱ መጠን ነው። ይህን ስል ግን 1:500 ክፈት እያልኩህ አይደለም፤ እለምንሃለሁ እንደዚያ እንዳትረዳው። ማርጂኑ ሲያንስ `Free Margin`፣ ማለትም በመያዣነት ያልተያዘው ገንዘብ ብዙ መስሎ ይታይሃል፤ ሰው ደግሞ ያንን ሲያይ ሎት ይጨምራል። አካውንቶች ባዶ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

ዝቅተኛ ሌቨሬጅ የሚጠቅመው ትልቁን ሎት ስለሚከለክልህ ነው። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ከ2018 ጀምሮ ለተራ ደንበኛ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ 1:30 ብቻ ፈቅደዋል። በ1:30 ያንተ 0.30 ሎት 1,100 ዶላር ማርጂን ይጠይቃል፤ በ500 ዶላር መክፈት ራሱ አትችልም። ከ0.13 ሎት አታልፍም። አውሮፓ ያላችሁ የቡድናችን አባላት «ለምን ይገድቡናል» ስትሉ አያለሁ። ልጁ ላይ የሆነውን ተመልከቱ።

አሁን ሌቨሬጁን እዚያው 1:100 ላይ ተወውና ሎቱን ብቻ 0.05 አድርገው። ያዝከው 5,500 ዶላር ነው፤ የገንዘብህ 11 እጥፍ። ማርጂኑ 55 ዶላር ነው። ስቶፕ አውት የሚመጣው 945 ፒፕ ሲወርድ፣ 1.0055 አካባቢ ነው። 1.0888 ሲገባ 56 ዶላር ከስረህ ትጠብቅ ነበር። 1.1080 ላይ ደግሞ 40 ዶላር ታተርፍ ነበር። 40 ዶላር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከ500 ዶላር 8 በመቶ ነው። ዘመዶቼ በባንክ የቁጠባ ወለድ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያህል ነው።

ሎት እንዴት ልምረጥ ካልከኝ እኔ ከኪሳራው ነው የምጀምረው። ለምሳሌ በዚህ ትሬድ 15 ዶላር ቢሄድ እችላለሁ እላለሁ። ቻርቱ ላይ ሐሳቤ ስህተት መሆኑ የሚታወቀው 50 ፒፕ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ 15ን ለ50 ሳካፍል በፒፕ 30 ሳንቲም ይመጣል። ይህ 0.03 ሎት ነው። ስቶፕ ሎሱን እዚያው አስቀምጣለሁ። ስቶፕ አውቱ በጣም ሩቅ ስለሚሆን ብሮከሩ ከእኔ ቀድሞ የሚወስንበት አጋጣሚ አይኖርም ማለት ይቻላል።

በጭንቅ ሰዓት ገንዘብ መጨመር ምን ያህል እንደሚገዛልህም እወቅ። 1.0890 ላይ 100 ዶላር ብትጨምር ኖሮ፣ 100 ለ3 ሲካፈል 33 ፒፕ ብቻ ነው የገዛኸው። ብዙ ሰው ተበድሮ ሁሉ ይጨምራል፤ ያም በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ዋጋው ወረደልኝ ብሎ ሌላ ሎት መደረብ ደግሞ ይብሳል፤ ማርጂኑ ይጨምራል፣ በፒፕ የምትከስረውም ይጨምራል፣ ስቶፕ አውቱ ወዳንተ ይጠጋል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ስቶፕ ሎስም ስቶፕ አውትም የሚዘጉት በተገኘው ዋጋ ነው፤ አንተ በጻፍከው ዋጋ ላይዘጉ ይችላሉ። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ከ2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ይህንን ድንገት ተወው። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። 1.1950 ላይ ስቶፕ ያስቀመጡ ሰዎች እዚያ ዋጋ ላይ የሚገዛቸው አልነበረም፤ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ ተዘጋባቸው። አካውንታቸው ከዜሮ በታች ገባ፤ ማለትም ባለዕዳ ሆኑ። ኤፍኤክስሲኤም የሚባለው ትልቅ ብሮከር ደንበኞቹ 225 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ እንዳለባቸው ገለጸ፤ አልፓሪ ዩኬ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሠረ። ስለዚህ ውሉ ላይ ኪሳራህ ካስገባኸው ገንዘብ እንደማያልፍ ዋስትና መኖሩን ፈልግ። በአውሮፓ ሕግ ለተራ ደንበኛ ግዴታ ነው። ከሌላ አገር ፈቃድ ያለው ብሮከር ከሆነ ግን ራስህ ማየት አለብህ። ቅዳሜና እሑድ ገበያ ተዘግቶ ሰኞ ከሌላ ዋጋ ሲከፈትም ያው ነው፤ መጠኑ ቢያንስም።

በመጨረሻ ያንተን ጉዳይ አረጋግጥ። ታሪክ የሚታይበት ክፍል ገብተህ የተዘጋውን ትሬድ `Comment` ተመልከት። `so` ብሎ ጀምሮ በመቶኛ ካሳየህ ስቶፕ አውት ነው። መቶኛው 49 ምናምን ካለ ስሌታችን ልክ ነው። ከ50 በላይ ሆኖ የተዘጋ ከሆነ ግን ለብሮከሩ የትኬት ቁጥሩን ጽፈህ የዚያን ደቂቃ ዋጋዎች እንዲልክልህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ያኔ አቤቱታህ መሠረት አለው። ሌላ ጊዜ ሽጠህ ከሆነ የተዘጋብህ ደግሞ «ቻርቱ እኮ እዚያ አልደረሰም» ከማለትህ በፊት `Ask` የሚለውን መስመር አብራ። ቻርቱ የሚስለው `Bid`ን ነው፤ ሽያጭ የሚዘጋው ግን በ`Ask` ነው። ኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ስፕሬዱ፣ ማለትም በ`Bid` እና በ`Ask` መካከል ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ፣ ሌሊት «ያለምክንያት» ተዘጉ ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት የተዘጉ ናቸው።