ውሃ የመቅዳት ተራ የማን ነው?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ነርስ መጥታ አማከረችኝ። እዚህ ጅማ ቦሳ ኪቶ አካባቢ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። «የቤቱ ሥራ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ፤ ፊት ለፊት ልነግራት አልቻልኩም፣ በቴሌግራም ልጻፍላት?» አለችኝ። የጻፈችውን ሳትልከው አሳየችኝ። ሳነበው የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ለእሷ የመለስኩላትን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው፤ ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ በጋራ ተከራይታችሁ ነውና የምትኖሩት።

እኔ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። በ1980ዎቹ ጅማ ስመደብ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ደግ ልጅ ነበረች። እኔ አዳር ገብቼ ጠዋት ስመለስ ሻይ አፍልታ ትጠብቀኝ ነበር። ያኔ ውሃ ከቦኖ ነው የምንቀዳው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በክረምት፣ በዚያ በሚያዳልጥ የጅማ ጭቃ ላይ ሽቅብ መሸከም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም፣ በበልግም ሲያሻው ይወርዳል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጀሪካን ይዘን ስናዳልጥ ከበረንዳቸው ሆነው «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ውሃው አይሸሽም» ይሉን ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

እሷ ውሃ ትቀዳለች። እኔ ገበያ እወጣለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ሽንት ቤት አጥባለሁ፣ የኪራዩን ብር ሰብስቤ እከፍላለሁ። ማን ምን ይሥራ ብለን ተነጋግረን አናውቅም፤ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ቀስ በቀስ ጀሪካኑን ስታስቀምጥ ድምፁ እየጎላ መጣ። በሩ ይላተማል። «አንዳንድ ሰው ውሃ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለዋል» ትላለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለምድጃው። እኔም ወጡን እያማሰልኩ «አንዳንድ ሰው ደግሞ ሽሮ በራሱ የሚበስል ይመስለዋል» እላለሁ። አሽሙር ነው እንግዲህ። አንድ ቀን ከአዳር ስመለስ በርሜሉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የቀዳ ይጠጣ»። ያን ቀን ምጥ የጠናባትን እናት ይዘን ስንታገል ያደርንበት ሌሊት ነበር። ወረቀቱን አየሁት፣ አልነካሁትም፤ ውሃውን ግን አልጠጣሁም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን በየጀሪካናችን ሆንን፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጀሪካን፣ ሁለት ምድጃ። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቃ ወደ በደሌ ሄደች። ተሰናበተችኝ፤ ግን እንደ እንግዳ ነው የተሰናበተችኝ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ የእሷን ጀሪካን እኔ አልቆጠርኩም፣ የእኔን ገበያ እሷ አልቆጠረችም።

ይህ የሁለታችን ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. ሮስ እና ሲኮሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ባልና ሚስትን ለየብቻ «ከቤቱ ሥራ ምን ያህሉን አንተ ትሠራለህ? አንቺስ?» ብለው ጠየቁ። የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኛው ከመቶ በለጠ። ሰው ውሸታም ሆኖ ሳይሆን የራሱን ድካም ስለሚያስታውስ ነው። ስለዚህ «ሁሉንም የምሠራው እኔ ነኝ» ብለሽ ስትጽፊ፣ ያቺኛዋም በልቧ ያንኑ እያለች ሊሆን ይችላል።

የልጅቷ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ውዴ ሰላም ነሽ? ትንሽ ላስቸግርሽ ነው። ሁልጊዜ ቤቱን የማጸዳው እኔ ብቻ ነኝ፣ ውሃ ስትቀጂ እንኳን አይቼሽ አላውቅም። የቤት ሠራተኛሽ አይደለሁም፤ ይህን እንድታውቂልኝ ብዬ ነው።»

«ውዴ» ብሎ ጀምሮ «ሠራተኛሽ አይደለሁም» ያለ መልእክት ያው በርሜል ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። «ሁልጊዜ» ሲባል ያቺኛዋ ውሃ የቀዳችበትን ያንን አንድ ማክሰኞ ፈልጋ ትመልስልሻለች፤ ከዚያ ክርክሩ ስለ ማክሰኞ ይሆናል። ደግሞም መልእክቱ ምንም አይጠይቅም። አንብባ ምን ታድርግ? ይቅርታ ትበል?

ቁጭ ብለን እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

«ሰላም እህቴ። ይህ ሳምንት አዳር መሆንሽን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ለመልሱ አትቸኩይ። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት እየተነሳሁ በርሜሉን የምሞላው እኔ ነበርኩ፣ ሽንት ቤቱንም እኔ ሳጥብ ቆየሁ፤ አሁን ደከመኝ። አንቺም እኔ ሳላይ የምትሠሪው ይኖራል፣ እሱን ንገሪኝ። ሁለቱን ሥራ በየሳምንቱ ብንቀያየርባቸው ምን ይመስልሻል? የሚሻል ሐሳብ ካለሽም እሰማለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችንም ቤት ነን፣ ቡና ላይ እናውራው።»

ስትጽፉ የሆነውን ብቻ ጻፉ፦ የትኛው ሥራ፣ ከመቼ ጀምሮ። ሁለት ሥራ ይበቃል፤ ሰሃኑን፣ መጥረጊያውንና ያንን የቀደመ ቂም ሁሉ ከጨመራችሁበት የክስ ፋይል ይሆናል። አዳር ወጥታ በተኛችበት ሰዓት አትላኩ፤ ሌሎች ጓደኞቻችሁ ባሉበት ግሩፕ ላይማ በፍጹም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ ቢነጋገር ነው የምወደው። የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ አንደበተ ርቱዕ ናችሁ፣ አንድ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ ግን ቃል አይወጣችሁም። ግን ደግሞ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በምትወጣበት የፈረቃ ኑሮ በሩ ላይ ቆሞ ከመጨቃጨቅ ረጋ ብሎ መጻፍ ይሻላል። እኛም ፊት ለፊት ነበርን፤ ያተረፍነው አሽሙር ነው።

ተራውን በተመለከተ ከሆስፒታል የተረኛ ፕሮግራም የተማርኩት አለ። ፕሮግራም ስናወጣ አዳርና ቀን እኩል አይቆጠሩም ነበር፤ አዳር የገባ ያርፋል። ቤት ውስጥም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ 200 ሊትር በርሜል መሙላትና ሳሎን መጥረግ አንድ አይደሉም። ከባድ ከከባድ ጋር ይቀያየር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሌሊት እሷ አዳር ከሆነች መነሳት አትችልም፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ሽንት ቤቱንና ቆሻሻ ማውጣቱን እሷ ትያዝ። «አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እኔ» የሚለው ተራ ነርሶች ቤት ሳምንት አይቆይም፤ ፈረቃ ይቀየርና ማን ቀረ፣ ማን ተበደረ የሚል ሒሳብ ይመጣል። ለአንድ ወር ሞክሩት፣ ከዚያ አንድ ላይ እዩት።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። እሷ ያጠበችውን ሽንት ቤት አንቺ ደግመሽ ካጠብሽው፣ ቀስ በቀስ ትተወዋለች። «ታጠበ» የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ በበረኪና ነው ወይስ በውሃ ብቻ? አንብባ ዝም ካለች ደግሞ እስከ ቅዳሜ ጠብቂ። ሁለተኛ መልእክት አትላኪ። ቅዳሜም ሸሽታ፣ ወሩም አልቆ ምንም ካልተለወጠ፣ ነገሩ የመልእክት አይደለም፤ ሥራውን በገንዘብ ለሌላ ሰው ማሠራት ወይም መለያየት ነው የሚቀረው።

ልጅቷ ላከችው። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «ውሃውን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትሽን ነው። ግን የመብራት ካርድ የምሞላውና ከሰል የምገዛው እኔ ነኝ፣ እሱንስ ቆጠርሽው?» አልቆጠረችውም። ቅዳሜ ቡና ላይ ካርዱንና ከሰሉንም ተራው ውስጥ አስገቡት፤ የመጀመሪያውን ሳምንት የውሃ ተራ ባልደረባዋ ወሰደች።