ቢጫዋ ዶላር ስትመጣ፦ ከጎጃም ዩቲዩበሮች ጋር ጥያቄና መልስ

ከቡሬ፦ «የፋሲካ ቅርጫችንን በቪዲዮ ቀርጬ ዩቲዩብ ላይ ለቀቅኩ። ቪዲዮው ጎን ቢጫ የዶላር ምልክት መጣና Not suitable for most advertisers ይላል። ቻናሌ ተቀጣ ማለት ነው?»

አይ፣ ቅጣት አይደለም፤ ስትራይክም አይደለም። የምትነካው የዚያን ቪዲዮ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ቪዲዮው እንደ በፊቱ ይታያል። ብዙዎቹ አስተዋዋቂዎች ግን አይገቡበትም። ጥቂት ሊገቡ ይችላሉ፤ ጭራሽ ላይገቡም ይችላሉ። ለዩቲዩብ ከፍሎ ያለ ማስታወቂያ የሚያይ የፕሪሚየም ተመልካች ካየልህ ከዚያ የሚደርስህ አይቀርም።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ርዕሱን ቀይር፣ ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። እኔ ሠርቶልኛል።»

ላንተ ሠርቶልህ ይሆናል። ርዕስ ወይም ታምኔል ሲቀየር ቪዲዮ የሚመረምረው የዩቲዩብ ማሽን እንደገና ሊያየው ይችላል። ግን የሚመዘነው ርዕሱ ብቻ አይደለም። ታምኔሉ፣ መግለጫውና ቪዲዮው ራሱም አብረው ይታያሉ።

ከቡሬ፦ «ታምኔሉ ላይ ቢላውና ደሙ አለ። ግን እኮ ባህላችን ነው! ምን ላድርግ?»

ባህላችን መሆኑን ማንም አይክድም፣ እኔም እኮራበታለሁ። አስተዋዋቂው የሚፈራው ግን በደም ሥዕል ጎን መታየትን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ታምኔሉን ቀይር፤ መደቡ ተደርድሮ ዕጣ ሲጣል ያለውን አድርግ። ቀጥሎ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ባለው Editor አንገቱ ሲቆረጥና ደሙ ሲፈስ ያለውን ቁረጠው። ሥጋው ሲመደብ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ያለው ይቆይ። ጥሬ ሥጋ ማሳየት ብቻውን ችግር አይደለም፤ ዕርዱን አቅርቦ ማሳየት ነው የሚያስቸግረው።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ አሁንም ቢጫ ከሆነ Request review በል። አሁን የሚያየው ሰው ነው። እስከ 7 ቀን ሊወስድ ይችላል። አደራ፣ ሳታስተካክል አትጠይቅ። ሰውየው ከወሰነ በኋላ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ቪዲዮውን አጥፍተህ እንደገና መጫንም አይጠቅምህም፤ ማሽኑ ያው ቪዲዮ ላይ ያው ነገር ሊያገኝ ይችላል፣ እይታህም ከዜሮ ይጀምራል።

ከባሕር ዳር፦ «የኔም እንደዚሁ ነው፤ የሰው ዘፈን ገብቶበት ገቢው ለባለቤቱ ሄደ።»

ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው ወንድሜ። እሱ የቅጂ መብት ነው፤ እዚህ ያለው ሪቪው አይፈታውም።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ጎረቤቴ በሬ ሲያርድ ለቆ አረንጓዴ ነው። ለምን?»

ማሽኑ ያላየው ይሆናል፣ ወይም ካሜራው ራቅ ብሎ ይሆናል። ቪዲዮውን ሳላይ ይሄ ነው ማለት አልችልም። አረንጓዴው በኋላ ቢጫ ሊሆንም ይችላል፣ አይመንበት።

ከቡሬ፦ «አረንጓዴ ከሆነልኝ ያለፈው ገንዘብ ይመለሳል?»

አይመለስም። ብዙ ሰው የሚያየው ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን ነው፣ የሚያንገበግበውም ይሄ ነው። ለቀጣዩ በዓል ቪዲዮውን ቀድመህ Private አድርገህ ጫን። ስለ ይዘቱ የሚቀርቡልህን ጥያቄዎች በሐቅ መልስ። ምርመራው አልቆ ዶላሩ አረንጓዴ ሲሆን ልቀቀው።