«አለብኝ» እና «ወስጃለሁ» አንድ አይደሉም

«የብድር ክስ መጥቶብኛል። ገንዘብ መውሰዴ እውነት ነው፣ መጠኑ ግን ውሸት ነው፣ ጊዜውም አልፏል። መልሱን እንዴት ላዋቅረው?»

ወንድሜ፣ መልስህን ለሁለት ክፈለው። ከላይ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ከሥሩ ደግሞ «መቃወሚያው ቢታለፍ» ብለህ የፍሬ ነገሩ መልስ። ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል የሚለው መቃወሚያ፣ የሚገባው ከላይ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 ዘርዝሮታል። ዳኛው ራሱ አይቶ ያነሳልኛል ብለህ እንዳትጠብቅ። ተከራካሪው ካላነሳው ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳውም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ይከለክለዋል። መጀመሪያ ላይ ካለፍከው ደግሞ እንደተውከው ይቆጠራል።

ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ሳይሆን ከክሱ ውስጥ የቱን እንደሚያምን ሲጽፍ ነው። አንድ ደንበኛዬ ራሱ የጻፈውን ረቂቅ ይዞ መጣ። መክፈያው ቀን ጥር 1 ቀን 2006 ዓ.ም ነበር፣ ክሱ የቀረበው ሰኔ 2016 ላይ ነው። የይርጋው አሥር ዓመት (ቁጥር 1845) የሚቆጠረው ውሉ ከተፈረመበት ሳይሆን ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ስለሆነ፣ ጥር 2016 ላይ አልፏል። እሱ ግን «ዕዳው እንዳለብኝ አምናለሁ፣ በ2010 ዓ.ም 20,000 ብር ከፍያለሁ፣ ቢሆንም በይርጋ ታግዷል» ብሎ ጽፏል! ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ከፊሉንም ከከፈለ ይርጋው ይቋረጣል፣ ቆጠራውም እንደገና ከዚያ ቀን ይጀምራል (1851 እና 1852)። በዚህ ስሌት ከሳሹ እስከ 2020 ድረስ ጊዜ አለው ማለት ነው።

ቁጭ ብለን ስንነጋገር 20,000ው ለሌላ ዕቃ ግዢ የተከፈለ መሆኑን ነገረኝ፣ ደረሰኙም ነበረው። እንዲህ ብለን ቀየርነው፦ «ተከሳሽ 150,000 ብር መቀበሉን ያምናል። 200,000 ብር ተቀብሏል የተባለውን ይክዳል። በ2010 ዓ.ም የተከፈለው 20,000 ብር ለዚህ ብድር ሳይሆን ለዕቃ ግዢ ነው፣ ደረሰኙ ተያይዟል።» ያመንነው መቀበሉን ብቻ ነው፣ ዛሬ ዕዳ አለ የሚል ቃል የለበትም።

ገንዘቡ በእውነት ለብድሩ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ግን አልክድለትም ነበር። የባንክ ወረቀት ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ የሌላውንም ክህደት ማንም አያምንልህም። እንደዚያ ከሆነ ይርጋውን ትተህ መጠኑ ላይ ተከራከር።

ስትክድ «ክሱ ሁሉ ሐሰት ነው» ብለህ አትለፍ። የክሱን ተራ ቁጥር ተከትለህ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መልስ ስጥ። በግልጽ ያልካድከው ፍሬ ነገር እንዳመንከው ይወሰዳል። መጀመሪያ ግን ውልህን አውጣና የመክፈያውን ቀን እይ፣ ከዚያ በኋላ ለከሳሹ የላክኸው ገንዘብ ወይም «እከፍላለሁ» የሚል መልእክት ካለ ፈልገው። እሱን ሳታውቅ ስለ ይርጋ አንድ መስመር አትጻፍ።